የጠርሙሱና የእጁ ጉዳይ፦ ከዜና ፎቶ ላይ ዕቃ ማጥፋት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የመኪና ግጭት ፎቶ አንስቼ ለአንድ የዜና ገጽ ልልክ ነው። ግራ ጥግ ላይ የውሃ ጠርሙስና ስልክ የያዘ የሰው እጅ ገብተውብኛል፤ ዋናው ነገር ላይ ምንም ለውጥ የላቸውም። በፎቶሾፕ አጥፍቼ ከስሩ ‹ኤዲት የተደረገ› ብዬ ብጽፍ ይበቃል? ይኸው ፎቶ ለኢንሹራንስም ተፈልጓል።»

አይበቃም፤ ለዜናውም ለኢንሹራንሱም አታጥፋቸው።

«ምንም ለውጥ የላቸውም» የሚለው ሐሳብ ብዙ ባለሙያ ያሳሳተ ነው። ናርሲሶ ኮንትሬራስ ለአሶሼትድ ፕሬስ የሚሠራ ፎቶግራፈር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሶሪያ ጦርነት ዘገባ የፑሊትዘር ሽልማት ካገኘው ቡድን አንዱ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኢድሊብ ውስጥ አንድ ታጣቂ ከተኩስ ሲከለል አነሳው። ግራ ጥግ ታች ላይ የባልደረባው የቪዲዮ ካሜራ ታይቶ ነበር። ከዚያው ፎቶ ሌላ ቦታ ላይ መሬት ቀድቶ በካሜራው ላይ ለጠፈበት። ጉዳዩ ሲታወቅ ድርጅቱ ጥር 2014 ላይ ከሱ ጋር መሥራት አቆመ። ወደ 500 የሚጠጉ ሌሎች ፎቶዎቹ ተመረመሩ፤ አንድም የተነካ አልተገኘም። ሆኖም ሥራዎቹ በሙሉ ለሕዝብ ክፍት ከሆነው መዝገብ እንዲወጡ ተደረገ።

ቅጣቱ ከጥፋቱ የከበደ ይመስላል። እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። ያቺ ካሜራ በቦታው ሌላ ጋዜጠኛ እንደነበረ የምትናገር ነገር ነበረች። ተመልካቹ ታጣቂው በካሜራዎች ፊት መሆኑን አይቶ የራሱን ፍርድ ሊሰጥ ይችል ነበር፤ ኮንትሬራስ ያንን ዕድል ወሰደበት። ያንተም ፎቶ ላይ ስልክ የያዘው እጅ በቦታው ሌላ የሚቀርጽ ሰው እንደነበረ ይናገራል፤ ነገ ቪዲዮው ሊፈለግ ይችላል። ጠርሙሱ ከየትኛው መኪና እንደወደቀ ደግሞ አንተም አታውቅም።

ለዜና የተፈቀደልህ ድሮ ፊልም ይታጠብበት በነበረው ጨለማ ክፍል ይሠራ ከነበረው ብዙም አይርቅም፦ ብርሃን ማስተካከል፣ ቀለሙን ዓይን ወዳየው መመለስ፣ ሴንሰር ላይ ያረፈ የአቧራ ነጥብ ማንሳት፣ መቁረጥ። አቧራው ከካሜራህ የመጣ ስለሆነ ማንሳቱ ምንም አይደል፤ ጠርሙሱ ግን አስፋልቱ ላይ ነበረ። መቁረጥ የተፈቀደው ጠርዙ የት እንዳለ ስለሚታይ ነው፤ ክሎን ያደረግከው፣ ማለትም ከሌላ ቦታ ቀድተህ የለጠፍክበት ቦታ ግን ያልነበረ አስፋልት ፈጥሮ እንደነበረ አድርጎ ያቀርባል። ስለዚህ ጠርሙሱ ዓይን ከሳበብህ ቁረጠው። ስትቆርጥ የጎማ ፍሬን ምልክቱ ወይም የሁለተኛው መኪና አፍንጫ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ግን ተወው፤ በመቁረጥም ይዋሻል።

«ኤዲት የተደረገ» የሚለው ጽሑፍ ምን እንደተነካ አይናገርም፤ ብርሃን ያስተካከለም ሰው የጨመረም እኩል ይጽፈዋል። ማሳወቅ የሚሠራው ለመንካት በቂ ምክንያት ሲኖርህ ነው። የተጎዳ ሕፃን ፊት ካለ ፊቱን አታጥፋው፤ መሸፈኑ በግልጽ እንዲታይ አደብዝዘውና እንዲህ ጻፍ፦ «የሕፃኑ ማንነት እንዳይታወቅ ፊቱ በዝግጅት ክፍሉ እንዲደበዝዝ ተደርጓል።» ሁለት ፎቶ ያዋሃድክ ከሆነ ደግሞ ዜና ሳይሆን ቅንብር ነው፦ «የፎቶ ቅንብር፤ በተለያየ ጊዜ ከተነሱ ሁለት ፎቶዎች የተሠራ።» ይህን ምስሉ ላይም ጻፈው፤ ፎቶ ሲጋራ ከስሩ ያለው ጽሑፍ ይቀራል።

አጥፍተህ ልከኸው ከሆነ ዛሬውኑ ለአዘጋጁ ደውልለት። ዋናው ፎቶ ይተካና በግልጽ ይጻፍ፦ «ቀደም ሲል በወጣው ፎቶ ግራ ጥግ ላይ የነበሩ ጠርሙስና እጅ በኤዲቲንግ ጠፍተው ነበር፤ ትክክለኛው ይህ ነው።» ካልተናገርክም ክሎን ራሱ ያጋልጣል፦ አንድ ዓይነት ጠጠር ወይም ስንጥቅ ሁለት ቦታ ይደገማል፣ ባለቤቱ የጠፋ ጥላ መሬት ላይ ይቀራል፣ የመኪናው በር ላይ ደግሞ እጁ ተንጸባርቆ ይታያል።

የኢንሹራንሱ ከዚህም ይጠብቃል፤ ብርሃኑን እንኳ አትንካ። ፋይሉን ከሜሞሪ ካርዱ በቀጥታ ገልብጥና ካርዱን ሳታጠፋ አስቀምጠው። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ፎቶው ባለበት ፎልደር Command Prompt ክፈትና፣ በምሳሌው ስም ፋንታ የፋይልህን ስም አስገብተህ የፋይሉን አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ቁጥር፣ አውጣ፦

```
certutil -hashfile DSC_0412.JPG SHA256
```

የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ከቀኑ ጋር ጽፈህ ያዝ። ፋይሉ በትንሹ እንኳ ቢነካ ቁጥሩ ይለወጣል። ይህ የሚያሳየው ቁጥሩን ካወጣህ ወዲህ ፋይሉ አለመነካቱን ብቻ ስለሆነ፣ ሳትውል ሳታድር አውጣው። በቴሌግራም የምትልክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን File ብለህ ላክ፤ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨመቃል፣ የተነሳበት ሰዓት የተመዘገበበት መረጃም ይጠፋል። ጎልቶ መታየት ያለበት ነገር ካለ ለብቻው ቅጂ ላይ አብራና «ብርሃን የተጨመረበት ቅጂ፤ ዋናው ተያይዟል» ብለህ ሁለቱንም አብረህ አስረክብ።