ጥያቄና መልስ፦ የሻርክ የኤሌክትሪክ ስሜትና አጥንት የሌለው አጽሙ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ዓሣን ሻርክ በኤሌክትሪክ ያገኘዋል ብዬ ሳስተምር አንድ ተማሪዬ «ሽታው ቢሆንስ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። — የባዮሎጂ መምህር፣ ደሴ

ልጁን ያመስግኑልኝ። ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ሙከራ የሠራው አድሪያኑስ ካልማይን የተባለ ኔዘርላንዳዊ ተመራማሪ ነው፤ ዩትሬክት ከተማ ውስጥ ሠርቶ ውጤቱን በ1971 አሳተመ። የሙከራው አካሄድ እንደ መርማሪ ፖሊስ ሥራ ተጠርጣሪዎችን አንድ በአንድ እያጣራ የሚያስወጣ ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣሉ ቢያስረዱት ደስ ይላል።

መጀመሪያ አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ በገንዳው አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። የተራበ ትንሽ ሻርክ ሲለቀቅ ዓሣው ወዳለበት ሄዶ አሸዋውን ቆፍሮ አወጣው። ይህ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ሽታም፣ የውሃ ንቅናቄም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካልማይን ዓሣውን ከባሕር አረም በሚሠራ ጄሊ ቤት ከልሎ ቀበረው። ጄሊው በጨዋማ ውሃ የራሰ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ሽታንና የውሃ ንቅናቄን ግን ያግዳል። ዓሣው እንዲተነፍስ ውሃ በአንድ ወገን እየገባ በቱቦ ራቅ ብሎ እንዲወጣ ተደረገ። እንግዲህ ሽታው ያለው ቱቦው አፍ ላይ ነው፣ ዓሣው ያለው ደግሞ ሌላ ቦታ። ሻርኩ ቱቦውን ትቶ በቀጥታ ዓሣው ላይ ወረደ።

ቀጥሎ በሕይወት ባለው ዓሣ ፋንታ የተቆራረጠ ዓሣ ጄሊው ውስጥ ተቀመጠ። ሽታው አለ፣ ትንፋሽና ከትንፋሽ ጋር የሚወጣው ኤሌክትሪክ ግን የለም። በዚህን ጊዜ ሻርኩ ሽታው በሚወጣበት ቱቦ ዙሪያ ሲዳክር ዋለ እንጂ ቁራጩ ያለበትን ቦታ አላወቀም። አሁንም በሕይወት ያለ ዓሣ ተመለሰና ጄሊው ላይ ስስ ፕላስቲክ ተነጠፈበት። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሻርኩ በዓሣው አናት ላይ እያለፈ አላየውም። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ደረጃ ነው፤ ከዚህ በኋላ «ሽታው ነው» ማለት አይቻልም።

በመጨረሻ ዓሣው ጭራሹን ቀረ። ሁለት ኤሌክትሮዶች ተቀብረው የዓሣን ያህል ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲለቀቅባቸው ሻርኩ ቆፍሮ ነከሳቸው፤ አጠገባቸው አሸዋው ላይ እውነተኛ ቁራጭ ዓሣ ተቀምጦ እያለ እንኳ ሳይነካው።

ለተማሪዎ አንድ ነገር ይጨምሩለት፤ ሽታ ከንቱ አይደለም። ሻርክን ከሩቅ የሚጠራው ሽታ ነው። ካልማይን በኋላ አሜሪካ ማሳቹሴትስ አካባቢ ክፍት ባሕር ውስጥ ሽታ የሚለቅ ቱቦና በግራ በቀኙ ኤሌክትሮዶች አስቀምጦ ነበር። ሻርኮቹ በሽታው ተስበው መጡ፤ ቀርበው ሲነክሱ ግን የነከሱት ጅረት ያለበትን ኤሌክትሮድ ነው።

ዓሣ ኤሌክትሪክ ከየት አመጣ? የሚያነዝረው ዓሣ ብቻ መስሎኝ ነበር። — ከአዳማ

የሚያነዝሩት ዓሦች ለዚሁ ሥራ የተሠራ ልዩ አካል አላቸው። እዚህ የምናወራው ሌላ ነው፤ ማንኛውም በውሃ ውስጥ ያለ ሕያው አካል ሳይፈልግ የሚያፈስሰው ነገር ነው። በሰውነቱ ውስጥ ያለው ጨው መጠን ከባሕሩ ስለሚለይ በመካከላቸው ትንሽ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ቆዳው ይህንን አጥብቆ ይይዛል፤ አፉና መተንፈሻው ላይ ያለው ሽፋን ግን ስስ ነውና በዚያ ያፈስሳል። ዓሣው አፉን በከፈተ ቁጥር ፍሰቱ ይጨምራል፣ ሲዘጋ ይቀንሳል። ስለዚህ በዙሪያው የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ ከትንፋሹ ጋር ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሻርክ ደግሞ በደንብ የሚሰማው ይህን ዓይነቱን ዝግተኛ ለውጥ ነው። የቆሰለ እንስሳ በቁስሉም ጭምር ስለሚያፈስስ ይበልጥ ይጋለጣል።

ታዲያ መደበቂያው ትንፋሽን መያዝ አይደለም? በትክክል። የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነች ካትልፊሽ የምትባል እንስሳ አለች። የሻርክ ጥላ ሲጠጋት ባለችበት ድርቅ ትላለች፣ ትንፋሿን ትቀንሳለች፣ ውሃ የሚገባና የሚወጣበትን ክፍተትም በክንዶቿ ትሸፍናለች። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በዚህን ጊዜ ከሰውነቷ የሚፈስሰው መስክ በእጅጉ ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ዓይነት መስክ በኤሌክትሮድ አስመስለው ለሻርኮች ሲያቀርቡ፣ የተቀነሰው የተነከሰው የሌላውን ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነበር። ሙሉ በሙሉ አልዳነችም ማለት ነው፤ ግን ለተበዪ ግማሽም ትልቅ ነው።

ይህ ስሜት ከስንት ርቀት ይሠራል? ሻርክ ልቤን ከኪሎ ሜትር ይሰማል የሚል ቪዲዮ አይቼ ባሕር መግባት ፈራሁ። — ከዱባይ

ቪዲዮው ይቅርብዎ። ርቀቱ በክንድ የሚለካ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር አያልፍም። በካልማይን ሙከራ ትንሹ ሻርክ የተከለለውን ዓሣ የለየው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቦ ነው። የባሕር ውሃ ጥሩ አስተላላፊ ስለሆነ ከአንድ ዓሣ የሚወጣው መስክ ትንሽ ራቅ ሲሉ ወዲያው ይሟሟል።

ሰዎችን የሚያሳስተው የስሜቱ ጥራት ነው። ሻርክ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የቮልት 5 ቢሊዮንኛ ልዩነት ሊሰማው ይችላል። ሒሳቡን ከሠሩት የተራ ድንጋይ ባትሪ 1.5 ቮልት በ3,000 ኪሎ ሜትር ላይ ተዘርግቶ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ከሩቅ ያውቃል» ማለት ስሕተት ነው፤ ጆሮው ስለታም ስለሆነ ሹክሹክታ ተራራ አይሻገርም።

ጥቅሙ የመጨረሻዋ ቅጽበት ላይ ነው። ነጭ ሻርክ ሊነክስ ሲል ዓይኑን እንዳይጎዳ ወደ ኋላ ያገላብጠዋል፤ በዚያች ቅጽበት አያይም። አፉ ደግሞ ከአፍንጫው በታች ስለሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ማየት ቢፈልግም አይችልም። አፉን የሚመራው ኤሌክትሪኩ ነው። ጠላቂዎች የገቡበትን የብረት ቀፎ የሚነክሰውም በዚህ ይመስላል፤ ብረት በጨዋማ ውሃ ውስጥ ደካማ ጅረት ይፈጥራል።

የትኛው አካሉ ነው የሚሰማው? — ያው ከዱባይ

የሻርክን አፍንጫና አገጭ በቅርብ ቢያዩ በጥቁር እስክሪብቶ የተነጠበ ይመስላል። ነጠብጣቦቹ ቀዳዳዎች ናቸው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በዝልግልግ ፈሳሽ ወደተሞላ ቀጭን ቦይ ይገባል፤ ቦዩ መጨረሻው ላይ እንደ ትንሽ አምፑል ያብጣል፣ እዚያ የስሜት ሕዋሳት ተደርድረዋል። ስቴፋኖ ሎሬንዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ በ1678 ስለገለጻቸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ፤ ሥራቸው ኤሌክትሪክ መሆኑ የታወቀው ግን ገና በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት የሙቀት ወይም የግፊት መለኪያ ናቸው ይባል ነበር።

ዝልግልጉ ጅረትን በቀላሉ ያሳልፋል፣ የቦዩ ግድግዳ ግን ያግዳል። ስለዚህ ቀዳዳው አፍ ላይ ያለው ቮልት ሳይቀንስ እስከ ሕዋሳቱ ይደርሳልና እነሱ ከሰውነቱ ውስጥ ካለው ጋር ያነጻጽሩታል። ቦዮቹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ የተዘረጉ ስለሆኑ አንጎሉ የትኛው ይበልጥ እንደሰማ አይቶ ምግቡ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። የራሱ ትንፋሽ እንዳይረብሸው ደግሞ በሁሉም ቦዮች ላይ እኩል የሚመጣውን ምልክት አንጎሉ ይሰርዘዋል።

ሻርክ አጥንት የሌለው፣ አጥንት ኤሌክትሪኩን ስለሚያውክበት ነው? — ከባሕር ዳር

የለም፣ ሁለቱ አይገናኙም። ማስረጃው ደጅዎ ላይ ነው፤ የጣና አምባዛ ደንበኛ አጥንት አለው፣ ደካማ ኤሌክትሪክም ይሰማዋል። ደፍርሶ በማይታይ ውሃ ውስጥ ሌሊት የሚያድን ዓሣ ስለሆነ ይጠቅመዋል።

እንግዲያው ለምን? አጥንት ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ጥንታዊ ፍጥረት ስለሆነ? — ያው ከባሕር ዳር

መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነበር የሚሉት። አሁን ነገሩ ወደ ተቃራኒው ያዘነበለ ነው፤ የሻርክ የሩቅ አያቶች አጥንት ነበራቸው፣ ሻርክ ተወው። ፊታቸው በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ ጥንታዊ ዓሦች ከሻርክ በፊት እንደነበሩ ድሮም ይታወቃል። «ጋሻው ከቆዳ የሚበቅል አጥንት ነው፣ የውስጡ አጽም ግን እንደ ሻርኩ ከአጥንት የለሰለሰ ልም አጥንት ነበር» የሚል መከራከሪያ ነበር የቀረው። በ2020 ግን ከሞንጎሊያ የተገኘ የ410 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ታተመ። ሚንጂኒያ የተባለው ይህ ዓሣ ሻርክና ባለ አጥንት ዓሦች ከመለያየታቸው በፊት ከነበሩት ወገን ነው፤ የራስ ቅሉ ውስጥ እንደ እኛው ያለ ስፖንጅ መሰል አጥንት ተገኘበት። አንድ ቅሪት ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም፣ ሚዛኑን ግን አጋድሎታል።

ለምን ተወው ለሚለው የተለመደው መልስ ክብደት ነው። ልም አጥንት የአጥንትን ግማሽ ያህል ነው የሚከብደው። ሻርክ ደግሞ ብዙ ዓሦች ያላቸው በአየር የሚሞላ ከረጢት የለውም፤ እንዳይሰምጥ የሚያግዘው በዘይት የተሞላ ትልቅ ጉበቱና መዋኘቱ ናቸው። አጽሙ ቢቀል ይመቸዋል። ይህ ግን ልም አጥንት የሚሰጠውን ጥቅም ይናገራል እንጂ መጀመሪያ ለምን እንደተፈጠረ አያረጋግጥም፤ ሁለቱን መቀላቀል ቀላል ነው።

ልም ሲባል ደግሞ እንደ ጆሮዎ ጫፍ የሚታጠፍ እንዳይመስልዎት። የሻርክን መንጋጋ ቆርጠው በአጉሊ መነጽር ቢያዩት ውስጡ ልም ነው፣ ላዩ ግን በካልሲየም የደነደኑ ጥቃቅን ጡቦች ጎን ለጎን ተነጥፈውበታል። እያንዳንዱ ጡብ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በመካከላቸው ጅማት መሰል ማያያዣ ስላለ መንጋጋው ይጠነክራል፣ ትንሽም ይተጣጠፋል። ትልልቅ ሻርኮች ላይ ንጣፉ ይደራረባል። ጉድለቱ፣ ሻርክ ሲሞት ጡቦቹ ይበታተናሉ። ሜጋሎዶን የተባለውን ግዙፍ ሻርክ በአብዛኛው በጥርሱ የምናውቀው፣ ቁመቱ ላይም ሊቃውንት እስካሁን የሚከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እህቴ ከቨርጂኒያ የሻርክ ልም አጥንት ክኒን ላከችልኝ። ሻርክ ካንሰር አይዘውም፣ ካንሰርም ይከላከላል ብላ። ልውሰደው? — እናት፣ ከሐዋሳ

እናቴ፣ ሻርክ ካንሰር ይይዘዋል፤ ዕጢ በራሱ በልም አጥንቱ ላይ ሳይቀር ተገኝቷል። ወሬው የተነሣው ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው፣ ዕጢ ደግሞ ለማደግ የደም ሥር ስለሚፈልግ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሐሳቡ ያስኬዳል፤ ተውጦ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ግን ሌላ ነው። ከሻርክ ልም አጥንት የተዘጋጀ መድኃኒት በሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2010 ውጤቱ ሲታተም ዕድሜያቸውን አላራዘመም። ለካንሰር ብለው ከሆነ አይውሰዱት። ሕክምና ላይ ካሉ ደግሞ እስካሁን የዋጡት ካለ ዕቃውን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ የካልሲየሙን መጠን ማየት ይፈልግ ይሆናል።