«ምንም እንኳ በለስ ባታፈራ» የሚለውን ስንዘምር

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኛ የጎንደር ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ነን። ዕንባቆም 3፥17-18ን በግጥም አድርገን «በለሱ ያፈራል፣ በረቱም ይሞላል» ብለን ጨረስነው። ቤቱ መታ፣ ዜማውም ገባ። አንድ አባት ግን «ይህን ነቢዩ አላለም» አሉን። ለተቸገረ ሰው ተስፋ መስጠት ምን ነውር አለው?

መልስ፦ ልጆቼ፣ አባታችን ልክ ናቸው። በእግዚአብሔር መታመን ማለት የጎደለው ሁሉ እንደሚሞላ ማወቅ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነቢዩ ግን ከለዳውያን አገሩን ሊወሩ እንደሚመጡ ተነግሮታል፤ በቁጥር 16 ላይ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ። በቁጥር 17 በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ እርሻውን፣ በጎቹን፣ ላሞቹን አንድ በአንድ ይቆጥርና አንዱንም ሳይመልስ «እኔ ግን» ይላል። እናንተ በረቱን ስትሞሉት ያ «ግን» ሥራ ፈታ። ከብቱ ሞቶበት ቅዳሴ የቆመው ሰውም መዝሙራችሁን ሰምቶ «የእኔ ያልተመለሰው እምነቴ ጎድሎ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ስድስቱን ነገሮች አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ቤት መምቻው ከእነርሱ ይምጣ። በወል ቤት፣ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም አድርገን ብንሞክረው እንዲህ ይሆናል፦

ወይኑ ፍሬ ባይዝ፣ በለስ ባታፈራ፣
እርሻው መብል ባይሰጥ፣ ዘይት ባይኖረው ወይራ፣
በጎቹ ቢጠፉ፣ በጋጥም ላም ባይኖር፣
እኔ ግን ደስታ አለኝ፣ ሐሤት በእግዚአብሔር።

«ደስታ አለኝ» ሲዘመር ሁለቱ «አ» ድምፆች ስለሚዋሐዱ ልኩ አይፈርስም። «ዘይት»ን የጨመርሁት በእኛ አገር ወይራ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ማገዶውና የዕቃ ማጠኛው ስለሆነ ነው፤ የነቢዩ ወይራ ግን ዘይት የሚጨመቅበት ነው። እንዲህ ያለው ጭማሪ ንባቡን ይገልጣል። «ቢጠፋ» ላይ ቆማችሁ ቤት ስትፈልጉ «ተስፋ» የሚለው ቃል ራሱ ይመጣላችኋል፤ ያን ጊዜ ተጠንቀቁ። ቃሉ መልካም ነው፣ እዚህ ቦታ ግን ቤት መምቻው እንጂ ነቢዩ አልጠራውም።

አዝማቹን የምታስገቡበት ቦታም ትርጉሙን ይለውጣል። «እኔ ግን» የሚለውን ከየስንኙ በኋላ ብትመልሱት፣ ገና ወይኑንና በለሱን ብቻ ያጣ ሰው መጽናናት ይጀምራል። ሦስቱን ስንኞች መሪው ብቻውን ያውርድ፣ ከበሮው ዝግ ይበል፤ መዘምራኑ በአራተኛው በአንድነት ይግቡ፣ እርሱንም ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ጭብጨባው ከዚያ ቢጀመር ይበቃል።

ቁጥር 19ን፣ እግሮቼን እንደ ዋላ እግሮች ያደርጋል የሚለውን፣ ለሁለተኛው ቤት አቆዩት። እዚያም ቢሆን የተሰጠው ኃይል ነው፤ በረቱ አሁንም ባዶ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከመለማመዳችሁ በፊት ለእኒያው አባት አሳዩአቸው።