የቅዳሜዋ ልጅ ካርድ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ አንዲት ወጣት «እትዬ፣ የወር አበባዬ ሲደርስ ሚዛኔ ለምንድነው የሚጨምረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ይህንኑ ልትነግረኝ የሞከረችን አንዲት ልጅ በአንድ ወቅት አሳፍሬ ሸኝቻት ነበር።

ያኔ ነርስ ነበርኩ። ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ ሴቶችን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የድሬ ፀሐይ ሳይከር፣ እመዝናለሁ። ያቺ ልጅ ስምንተኛ ቅዳሜዋ ነበር። ሚዛኑ 71.7 አለ። ያለፈው ቅዳሜ 70.8 ነበረች። «ሙሸበኩ ነው ሳምቡሳው?» አልኳት፣ ሰው እየሰማ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ነገ ሊመጣብኝ ነው» አለች። ሰበብ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም፤ ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ከርማ ከዚራ ላይ ራሷን ስታ እንደወደቀች ከጎረቤቷ ሰማሁ።

ካርዷን አውጥቼ ያየሁት ያን ቀን ነው። የመጀመሪያው ወር አራት ቅዳሜዎች 71.6፣ 71.2፣ 71.4፣ 72.3፤ የሁለተኛው ወር 70.9፣ 70.5፣ 70.8፣ 71.7። እኔ ያየሁት አጠገብ ለአጠገብ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው። ዑደቷ 28 ቀን ስለሆነ፣ አራተኛዋን ቅዳሜ ካለፈው ወር አራተኛ ጋር ባስተያይ 0.6 ኪሎ ቀንሳለች። አራቱም እንደዚያው ከ0.6 እስከ 0.7 ኪሎ ቀንሰዋል።

በሳምንት የመጣው 0.9 ኪሎ ስብ ሊሆን አይችልም ነበር፤ አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ነው፣ ስለዚህ በየቀኑ ከሚያስፈልጋት በላይ 1,000 ያህል መብላት ነበረባት። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ሲጨምር ብዙ ሴቶች ይርባቸዋል፣ ጣፋጭ ያምራቸዋል፤ ግን የሚጨምሩት ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ሚዛኑን ከፍ ያደረገው ውሃ ነው። ሰውነት የሚቋጥረው ውሃ የሚበዛው ደም በሚጀምርበት ቀን አካባቢ ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ቀናት በሽንት ይወጣል። ጨው የበዛበት ምግብ ደግሞ ያባብሰዋል።

የዛሬ ልጆች በየቀኑ ሚዛን ላይ ትወጣላችሁ፣ አልወደውም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ ምንም ሳይቀመስ በየቀኑ ተመዝኖ የሳምንቱን አማካይ መውሰድ ከእኔ ቅዳሜ ይሻላል፤ ልብ ያለው ሰው ከሆነ። ደም የጀመረበትን ቀን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ፣ ሰባተኛውን ቀን ከሌላው ወር ሰባተኛ ጋር አስተያዩ። ዑደቷ 32 ቀን የሆነች ሴት በቅዳሜ ብትቆጥር ትሳሳታለች። የወሊድ መከላከያ መርፌ ወይም ክኒን የምትወስድ ደግሞ ይህ ቅርጽ ላይታይባት ይችላል። ምግብ ቀንሳ የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት ልጅ ግን ሚዛኑን ትታ ሐኪም ቤት ትሂድ።

ለሳቢያኗ ልጅ ይህንን ነገርኳት። የዛሬ ቁጥርሽ ስንት ነው አላልኳትም፤ ስንተኛ ቀንሽ ነው አልኳት። ጣቷን ቆጠረችና «ሃያ ስድስት» አለች።