አንድ ባት ብቻ ሲያብጥ

«ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከገባሁ አራት ቀኔ ነው። የቀኝ ባቴ አብጧል፣ ስረግጥ ያመኛል። እናቴ ብርድ ነው፣ በቅቤ ልሽሽ እያለችኝ ነው። ልታሸኝ?»

እህቴ፣ እንዳታስነኪው። ዛሬውኑ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሐኪም ቤት ሂጂ። እናትሽ አዝነውልሽ ነው፣ ግን ይህ ብርድ ላይሆን ይችላል። በባትሽ ውስጥ ጠልቆ በሚያልፈው ደም መላሽ ሥር ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። ሽቅብ የሚገፋው ደግሞ የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ጡንቻው ሥሩን ይጨምቀዋል፣ ደሙም ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበት አጥፎ 13 ሰዓት አውሮፕላን ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ፓምፕ አቁሞታል። ደሙ ይተኛል፣ የተኛ ደም ደግሞ መርጋት ይቀናዋል። ምልክቱ እዚያው ወንበር ላይ ካልታየ ብለሽ አትዘናጊ፤ ከቀናት አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ከቤት ሳትወጪ አንድ ነገር አድርጊ። የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጊ። ከጉልበት ሎሚ ዝቅ ብሎ፣ ከፊት ለፊት በእጅ የሚዳሰስ የአጥንት ጉብታ አለ። ከእሱ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ለክተሽ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። እዚያው ላይ ሁለቱንም ባት ዙሪያውን ለኪ። ያበጠው ከሌላው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከበለጠ ሐኪሙ በቁም ነገር የሚይዘው ምልክት ነው። ቀጥሎ ቅልጥምሽን በአውራ ጣትሽ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጊና ልቀቂ። ባበጠው እግር ላይ ብቻ ጉድጓድ ከቀረ ሁለተኛ ምልክት ነው። ባቱ መሐል ለመሐል ሲነካ የሚያምም ከሆነ ሦስተኛ። ሐኪሞች ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣሉ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሞላ፣ ሌላ አሳማኝ ምክንያትም ከሌለ፣ በቀጥታ ወደ አልትራሳውንድ ነው። ይሁንና ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ ብለሽ ቤት እንዳትቀሪ። ልኬቱ ለሐኪሙ የምትነግሪው መረጃ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም።

መቅላቱንም አትጠብቂ። መጽሐፍ ላይ «ይቀላል» ይላል፣ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ይልቅ የእጅሽን ጀርባ ሁለቱም ባት ላይ አሳርፊና የትኛው እንደሚሞቅ እዪ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው። ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን ደምን ለመርጋት ያዘነብለዋል።

«መታሸት ምን ይጎዳል? እኛ ቤት ወጌሻ ሲያሸው የዳነ ብዙ ሰው አለ።»

ወጌሻ የዳሰሰው ሁሉ ይጎዳል አልልም። ወለም ያለ ቁርጭምጭሚትና ውስጡ ደም የረጋ ባት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የረጋው ደም በሥሩ ግድግዳ ላይ ልል ሆኖ የተለጠፈ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ሲታሽ ሊላቀቅ ይችላል። ከተላቀቀ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ላይ ይሰካል።

ይህን ያየሁት በአክስቴ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ጀሶ ታስሮላት ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች። ጀሶው ሲፈታ ግራ ባቷ 37 ሴንቲ ሜትር፣ ቀኙ 33 ተኩል ነበር። ይህን የለካሁት ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ «ጡንቻዋ ተኮማትሯል» ብሎ የዲክሎፈናክ መርፌ ወጋትና መለሰን። ሰፈር ውስጥ ያለች ሴት ሁለት ማታ አሸቻት። በሦስተኛው ቀን ከአልጋዋ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ለመድረስ ትንፋሽ አጠራት። ጎኗ ላይ ወጋት፣ በረጅሙ ስትተነፍስ ይብስባታል። ልቧ ቁጭ ብላ እንኳ በደቂቃ ከ120 በላይ ይመታል። ሲቲ ስካን ሲነሳ የረጋው ደም ሳንባዋ ውስጥ ነበር። ማሸቱ ይንቀለው ወይም በራሱ ይሂድ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ተርፋለች። ያ እንቅልፍ የነሳን ሌሊት ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

እነዚህን አራት ነገሮች ቤተሰባችሁ ይወቃቸው፦ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ራስን መሳት። ከአራቱ አንዱ ከመጣ ቀጠሮ አይያዝም። በ907 አምቡላንስ ይጠራል ወይም በተገኘው መኪና ድንገተኛ ክፍል ይደረሳል።

«ከጎንደር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ ሁለቱም እግሮቼ አብጠው ጫማ አልገባ አሉኝ። ጠዋት ስነሳ ግን የለም። ይህም ያው ነው?»

አይመስለኝም። ሁለቱም እኩል አብጠው፣ ሳያምሙ፣ እግር ከፍ ተደርጎ ሲታደር የሚጎድል እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የመቀመጥ ነው። በየጉዞው የሚደጋገም ከሆነ ወይም ጠዋትም የማይጎድል ከሆነ ግን ልብህንና ኩላሊትህን ተመርመር። አንደኛው እግር ከሌላው ልቆ ካበጠ ደግሞ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

«እህቴ በኦፕሬሽን ከወለደች 12 ቀኗ ነው። የግራ እግሯ ከታፋዋ ጀምሮ አብጦ ከበዳት። ትልልቆቹ አራስ ያብጣታል፣ ትተኛ ይላሉ። እኔ ግን ፈርቻለሁ።»

ፍርሃትሽ ልክ ነው። ዛሬ ውሰጂያት። አራስ ሁለቱም እግሯ ትንሽ ማበጡ የተለመደ ነው፣ በቀናት ውስጥም ይጎድላል። አንድ እግር ብቻ፣ ያውም ከታፋ ጀምሮ፣ በኦፕሬሽን በወለደች ሴት ላይ ሲያብጥ ግን ማንም «ይተዋል» ሊላት አይገባም።

እርግዝና ደምን እንዲረጋ ያደርጋል። ተፈጥሮ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈስ ስታዘጋጅ ነው። ይህ ዝግጅት ልጁ ሲወለድ ወዲያው አይጠፋም፤ ከፍተኛው አደጋ ያለው ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ውስጥ ነው። ግራ እግር መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። የግራውን እግር ደም የሚመልሰው ሥር ዳሌ ውስጥ በደም ቅዳ ሥር ስር ያልፋል፣ ማሕፀን ሲያድግ ደግሞ ይጫነዋል። በዚህ ላይ ኦፕሬሽኑና መተኛቱ ተጨመረ።

አራስ ቤታችን ደስ የሚል ባህል ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የጎረቤቱ መሰብሰብ። አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፦ አራሷ አልጋ ላይ እንድትውል አይፈረድባት። ሐኪሙ ከፈቀደላት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ትመላለስ፣ ሽንት ቤት በእግሯ ትሂድ፣ ውሃም በደንብ ትጠጣ። ብርድ እንዳይመታት ከፈራችሁ ልበሷት፣ ግን ትራመድ።

«የረጋ ደም መድኃኒቱ ጡት ያስጥላታል?» ብለሽ ታስቢ ይሆናል። አያስጥላትም። ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን የተባሉት መርፌዎች፣ ከዚያም ዋርፋሪን የተባለው ኪኒን ለምታጠባ እናት ይሰጣሉ። ሪቫሮክሳባን የተባለውን ሌላ ደም ማቅጠኛ ኪኒን ግን ለምታጠባ ሴት ብዙ ጊዜ አያዙም። ስለዚህ ኪኒን ሲጻፍላት «እያጠባሁ ነው» ማለቷን እንዳትረሳ።

«አልትራሳውንድ ተነስቼ ነጻ ነህ ተባልኩ። እግሬ ግን አሁንም አብጧል። ምርመራው ሊሳሳት ይችላል?»

ሊያመልጠው ይችላል፣ በተለይ የረጋው ደም ባት ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ከሆነ። አንዳንድ ቦታ የሚመረመረው ከጉልበት በላይ ያለው ሥር ብቻ ነው። ሐኪሙ ጥርጣሬው ካልወጣለት በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ያስነሳል። ባት ውስጥ የነበረው ወደ ላይ የሚያድግ ከሆነ በዚያን ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ወረቀቱን ይዘህ ተመለስና «ባቴም ታይቷል? መድገም ያስፈልገኛል?» ብለህ ጠይቅ። ዲ-ዳይመር የሚባል የደም ምርመራም አለ። ጥርጣሬው ዝቅተኛ በሆነ ሰው ላይ ውጤቱ ዝቅ ካለ ነጻ ነህ ያሰኛል። ከፍ ማለቱ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ቁስልም፣ እርግዝናም፣ እርጅናም ከፍ ያደርገዋል። ደም ካልሆነ ደግሞ የጡንቻ መበጠስ፣ የቆዳ ኢንፌክሽን፣ ወይም ከጉልበት ኋላ ያለ የውሃ ከረጢት መፈንዳት ሊሆን ይችላል።

«አባቴ ዳሌው ተሰብሮ ተኝቶ ሳለ እግሩ ላይ ደም ረግቶ ዋርፋሪን ጀመረ። ጎመን እንዳይበላ ተባለ። ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ ዲክሎፈናክ ይገዛል። እብጠቱ ስለጠፋ መድኃኒቱን ላቁም ይላል።»

ሦስቱንም ቁጭ ብለህ አስረዳው። ጎመን አይከለከልም፣ መጠኑ ብቻ አይዋዥቅ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚበላ ከሆነ በዚያው ይቀጥል። ጾም ሲገባ ድንገት ጎመን በጎመን መሆን፣ ሲፈታ ደግሞ ጨርሶ መተው ግን ልኬቱን ያናጋል። ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ይህ ልኬት አይኤንአር ይባላል፣ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ጾሙ ሊገባ ሲል ለሐኪሙ ይንገር፣ ቶሎ ቶሎ ይለካለታል።

ዲክሎፈናክ ግን ይቁም። ከዋርፋሪን ጋር ሆኖ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ ካየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ በየቀኑ የሚወስደው ከሆነ ግን እሱም አይኤንአርን ከፍ ስለሚያደርግ ለሐኪሙ ይንገር።

ማቆሙን በተመለከተ፦ ደም ማቅጠኛ የረጋውን ደም አያሟሟም፣ እንዳያድግና አዲስ እንዳይረጋ ይይዘዋል። የማጽዳቱን ሥራ የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። እብጠቱ ቢጠፋም ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ይቀጥላል። ማብቂያውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

«በሚቀጥለው ወር ወደ ዋሽንግተን እበራለሁ። አስፕሪን ልውሰድ?»

ለጉዞው ብለህ አስፕሪን አትጀምር። የዚህ ዓይነቱን ደም መርጋት ለመከላከል አይመከርም፣ ጨጓራም ያደማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ የሆነ ጉዞ አደጋውን እጥፍ ያደርገዋል። ያም ሆኖ ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ከ6,000 መንገደኛ ወደ አንድ ሰው ነው። ብዙ አትሸበር።

በኮሪደር በኩል ያለውን ወንበር ምረጥ። የእጅ ሻንጣህን ከእግርህ ፊት አታስቀምጥ፣ እግር መዘርጊያ ይነሳሃል። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስተህ ተመላለስ። ወንበርህ ላይ ሆነህም ተረከዝህን መሬት አድርገህ ጣቶችህን ወደ ላይ፣ ከዚያ ጣቶችህን መሬት አድርገህ ተረከዝህን ወደ ላይ፣ 20 ጊዜ። እንቅልፍ ክኒን ውጠህ ጉዞውን ሙሉ አትተኛ።

ከዚህ በፊት ደም ረግቶብህ ከነበረ፣ ካንሰር ካለብህ፣ ወይም በቅርብ ወራት ኦፕሬሽን ከሆንክ ግን ይህ አይበቃህም። ከመብረርህ በፊት ሐኪምህን አነጋግር። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ካልሲ ወይም መርፌ ሊያዝልህ ይችላል። ካልሲው በልክህ ይሁን፤ ከጉልበት በታች ተጠቅልሎ የሚያንቅ ካልሲ ደሙን ጭራሽ ያግደዋል።