በቆሎው ደርቋል ብለን አስገባን፣ ሻገተ

«ከሜጫ የመጣ በቆሎ ባሕር ዳር ቤታችን በማዳበሪያ አስቀምጠን በሁለት ወሩ ሻገተ። ፈተና ላይ መንስኤና መከላከያ ሲባል ምን ልጻፍ?»

እህቴ፣ ከእርጥበት ጀምሪ። በቆሎ ሲከማች እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመርተው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ እርጥበት ካገኘ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይመቸዋል። ስሌት ከመጣ እንዲህ ነው፦ 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ በቆሎ ውኃው ሲቀነስ 82 ኪሎ ነው። እርጥበቱ 13 በመቶ ሲሆን ደረቁ 87 በመቶ ስለሆነ፣ 82 ለ0.87 ሲካፈል 94.3 ይሆናል፤ ስለዚህ 5.7 ኪሎ ያህል ውኃ መውጣት አለበት።

መለኪያ ከሌለ የደረቀ ጠርሙስ ሲሶውን በእህል ሞልተሽ ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሪና ነቅንቂው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። አልተለጠፈም ማለት ግን 13 ደርሷል ማለት አይደለም፤ የእናንተም በቆሎ እዚህ መሃል ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ደርቆ የገባውንም ነቀዝ ሲተነፍስ ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዙን ያፍነዋል፤ እርጥብ እህል ከታሰረበት ግን ይበላሻል። ማዳበሪያውን ከወለልና ከግድግዳ አርቆ በርብራብ ላይ መደርደርም ይጻፍ።

ሻጋታውን ማራገፍም ሆነ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። የሻገተውን ለላም መስጠትም አያዋጣም፤ መርዙ በወተት ይመለሳል።