ሚዛኑ ገጥሞ ካፒታሉ ሲሳሳት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሂሳብ ሙያ ሰልጣኝ ነኝ። ለጀማሪ አካውንታንት ሥራ በተሰጠን የተግባር ፈተና የአንድ ወፍጮ ቤት የሰኔ 30 ወርክሺት ቀረበልን። መዝጊያውን ሠርቼ የመጨረሻው የሙከራ ሚዛን በሁለቱም በኩል 548,000 ብር መጣልኝ፤ ካፒታሉም 472,000 ሆነ። ፈታኙ ግን ስህተት ነው አሉኝ። ወርክሺቱን ልኬልዎታለሁ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ በላክሽው ወርክሺት መሠረት የመነሻ ካፒታሉ 300,000፣ የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 142,000፣ ባለቤቱ ለግላቸው ያወጡት ደግሞ 50,000 ብር ስለሆነ፣ ሂሳቡ ሲዘጋ ካፒታሉ 392,000 ብር መሆን ነበረበት። ያንቺ በ80,000 ብር ይበልጣል፤ ይህ ደግሞ የወፍጮው የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ልክ ነው። ሂሳቡ በክሬዲት በኩል ስለተቀመጠ ከገቢው ጋር አብረሽ ዘግተሽዋል። የተጠራቀመው ቅናሽ ግን ከወፍጮው ዋጋ ላይ እየተቀነሰ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገር እንጂ የሚዘጋ አይደለም፤ የሚዘጋው የዘንድሮው የእርጅና ወጪ፣ ማለትም 20,000 ብሩ ብቻ ነው።

ሚዛኑ ይህን ስህተት ሊያሳይሽ አይችልም፤ ምክንያቱም 80,000 ብሩ ከአንዱ የክሬዲት ሂሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው የክሬዲት ሂሳብ፣ ወደ ካፒታል፣ ገባ እንጂ ድምሩን አልነካውም። ስህተቱ የሚታየው የገቢ ማጠቃለያ ሂሳቡ ላይ ነው። ለዚህ ሂሳብ የሚሆነውን ሁሉ ከወርክሺቱ የትርፍና ኪሳራ ዓምዶች ብቻ ውሰጂ፦ የአገልግሎት ገቢውን 420,000 ዴቢት አድርገሽ ማጠቃለያውን ክሬዲት አድርጊ፤ ከዚያም ደመወዝ 150,000፣ መብራት 60,000፣ ኪራይ 48,000 እና እርጅና 20,000 እያንዳንዳቸውን ክሬዲት አድርገሽ ማጠቃለያውን በድምራቸው፣ በ278,000፣ ዴቢት አድርጊ። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ ቀሪውን ከተጣራ ትርፉ ጋር አስተያዪ። 142,000 ካልሆነ ወደ ካፒታል አትሂጂ፤ ያንቺ በዚህ ቦታ 222,000 ይል ነበር።

ባለቤቱ ለግል ያወጡት በቀጥታ ከካፒታል ጋር ይዘጋል። በማጠቃለያው በኩል ብታሳልፊውም ካፒታሉ ያው 392,000 ይመጣል፤ ነገር ግን ማጠቃለያው ትርፉን 92,000 አስመስሎ ያሳያል፤ ጠንቃቃ ፈታኝም የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ሲስተካከል በዴቢት በኩል ጥሬ ገንዘብ 132,000፣ ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ 16,000 እና ወፍጮ 400,000፣ በክሬዲት በኩል ደግሞ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ 80,000፣ ብድር 70,000፣ ያልተከፈለ ደመወዝ 6,000 እና ካፒታል 392,000 ይቀራሉ። ድምሩ ያው 548,000 ነው።

በሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋጥምሻል፦ የዓመት መጨረሻ ማስተካከያዎች ወርክሺቱ ላይ ብቻ ቀርተው ወደ ጆርናልና ሌጀር ሳይገቡ መዝጊያው ይሠራል። እንዲህ ሲሆን የእርጅና ወጪው ሌጀር ባዶ ሳለ 20,000 ክሬዲት ይደረግበትና፣ ከመዝጊያ በኋላ ዜሮ መሆን ሲገባው የክሬዲት ቀሪ ይዞ ይገኛል። የወጪ ሂሳብ በክሬዲት ቆሞ ካየሽ መጀመሪያ የማስተካከያ ምዝገባዎቹን ፈልጊ።