ሌሊት እንደ ውሻ ጩኸት የሚያስለው ልጅ

«የ2 ዓመት ልጄ ጉንፋን ይዞት ነበር። ትናንት ሌሊት እንደ ውሻ ጩኸት አሳለው፤ ድምፁም ሻክሯል። አማቴ እንጥሉ ወርዷል ትላለች። ያለነው ቡሬ ነው፤ ምን ይሻላል?»

እህቴ፣ ይሄ ክሩፕ ይመስላል። ቫይረስ የላይኛውን የአየር ቱቦ ሲያሳብጠው የሚመጣ ነው፤ ሌሊት ይብሳል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ብዙ ጊዜ አንዴ የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን እብጠቱን ይቀንሰዋል። ሳያለቅስ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦም አየር ሲስብ ድምፅ ካሰማ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ግን በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

እኔ የምፈራው ሌላውን፣ ኤፒግሎታይተስን ነው። የሚያብጠው የአየር ቱቦው ክዳን ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይከፋል። ትኩሳቱ ኃይለኛ ነው። ያ የውሻ ጩኸት የመሰለው ሳል አብዛኛውን ጊዜ የለም። ልጁ ምራቁን መዋጥ ያቅተውና ለሃጩ ይዝረበረባል። አፉን ከፍቶ፣ አገጩን ወደ ፊት አውጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል፤ መተኛት እምቢ ይላል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ፔንታቫለንት ከተከተበ ዕድሉ በጣም ያንሳል፤ ግን ዜሮ አይሆንም።

ይህን ካየሽ ማንም በማንኪያ ጉሮሮውን እንዳያይ። እንጥል ማስቆረጥማ በፍጹም! ልጁ ተደናግጦ ካለቀሰ ያበጠው ክዳን መተንፈሻውን ሊዘጋው ይችላል። አታስተኚው፤ ጭንሽ ላይ እንደተቀመጠ ያዢው። ምግብም ውሃም አትስጪው። 907 ደውይ፤ አምቡላንስ ከዘገየ ባገኘሽው መኪና ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂጂ። እንደደረስሽ በር ላይ «ለሃጩን መዋጥ አልቻለም» በይ፤ ወረፋ አትጠብቂ።